በሁለት እጥበት መካከል ያለው ማዕድ

ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ደሙ በማሽን ይታጠባል። በመሐል ባሉት ቀናት የጠጣውም የበላውም ተርፎ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል።

የፈሳሽ ልኩ የሚወጣው ከሽንት ነው። ለምሳሌ ከእጥበት በኋላ 60 ኪሎ የምትመዝን እናት በቀን 200 ሚሊ ሊትር ብትሸና፣ 500 ተጨምሮበት 700 ሚሊ ሊትር ይፈቀድላታል። መድኃኒት የምትውጥበት ውኃ፣ ሻይ፣ ሾርባ፣ የቡናው ስኒ ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ካለች ሦስቱ ስኒ ወደ 200 ይጠጋል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አይዋሽም፤ በሁለት እጥበት መካከል ከ2.4 ኪሎ በላይ ባትጨምር ይመረጣል። ካለፈ እግር ያብጣል፣ ተኝቶ መተንፈስ ይከብዳል።

ብዙዎች ጥማቱን በትዕግሥት ሊያሸንፉት ይሞክራሉ፤ ጥማቱን የሚያመጣው ግን ጨው ነው። 8 ግራም ጨው አንድ ሊትር ያህል ውኃ ሰውነት ውስጥ ይይዛል። የቀኑ ጣሪያ 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አስቸጋሪው ድስት ላይ የሚነሰነሰው ብቻ አይደለም፤ በርበሬውም ሚጥሚጣውም ብዙ ጊዜ ጨው ተቀላቅሎበት ነው የሚፈጨው። በርበሬውን ያለ ጨው ማስፈጨትና ወጡን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ ማጣፈጥ ወጪ አያስከትልም። ሱቅ የሚሸጠው የጨው ምትክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖታሺየም ስለሆነ እጥበት ላይ ላለ ሰው አይሆንም።

ፖታሺየም ሲበዛ አያምም፤ ምልክት ሳያሳይም የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ድንገት ጉልበት ከከዳ ወይም ልብ ከተዛባ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቴምር፣ የቲማቲም ድልህ በፖታሺየም የተሞሉ ናቸው። በጾም ወቅት የሚያሳስበው ድንች ነው፤ ወጥ ውስጥ ሲበስል የለቀቀው ሁሉ መረቁ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ልጦ፣ በስሱ ከትፎ፣ በብዙ ውኃ ቀቅሎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ ከዚያ በሽንኩርትና በዘይት ማቁላላት ነው። ፖታሺየሙ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም፣ ስለዚህ ትንሽ ነው የሚበላው። ጎመንም እንዲሁ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋል። ጥቅል ጎመን ከሁለቱም የተሻለ ነው፣ ዋጋውም አይከብድም።

ፎስፈረስ ሲከማች ቆዳ ያሳክካል፣ አጥንት ይሳሳል። ሽሮና ምስር ፎስፈረስ ቢኖራቸውም አንጀት ከእነሱ የሚወስደው ከሥጋው ያነሰ ነው፤ ጥቁር ለስላሳ መጠጥና የፋብሪካ ሥጋ ውስጥ የተጨመረውን ግን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይወስደዋል። ለስላሳውን መተው እንግዲህ ሽሮውን ከመተው ይቀድማል፤ እጥበቱ ፕሮቲን ስለሚያጥብ ሽሮውን ያቆመ ሰው ሥጋው ይከሳል። በጾም ላልሆነ ሰው የእንቁላል ነጩ ፎስፈረሱ ጥቂት የሆነ ርካሽ ፕሮቲን ነው። ሐኪም ያዘዘው የፎስፈረስ መያዣ ኪኒን የሚሠራው ከምግብ ጋር ሲዋጥ ነው፤ በባዶ ሆድ ከተወሰደ የሚይዘው ፎስፈረስ አያገኝም።