በፈተና ዋዜማ ልብ ሲርድ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረ ወዲህ፣ ብዙ የነገሌ ቦረናና የአካባቢው ቆላ ከተሞች ልጆች ከወላጆቻቸው ርቀው፣ በማያውቁት ክፍል አድረው ተፈትነዋል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ልብ ድው ድው ይላል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ የተጠናው ሁሉ የጠፋ ይመስላል። የደነገጠው ግን ሰውነት እንጂ ትምህርቱ አልጠፋም።

መላው ትንፋሽን ማዘግየት ነው። በአፍንጫችን እስከ 4 እየቆጠርን አየር እናስገባ፤ እስከ 6 እየቆጠርን ቀስ ብለን እናስወጣ። ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ስለሚል ማስወጣቱ ይርዘም። ይህን 6 ጊዜ ማድረግ 1 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ማታ 5 ደቂቃ እናድርገው። ራስ ካዞረ ወይም ጣት ከደነዘዘ አብዝተን ተንፍሰናል ማለት ነውና እንደወትሮው እንተንፍስ።

ይህ በፈተናው ቀን የሚጀመር አይደለም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከጥናት ጋር ይለመድ፦ 25 ደቂቃ ማጥናት፣ 5 ደቂቃ ማረፍ። በዕረፍቱ ደብተር ይከደን፤ ተነስተን ውኃ እንጠጣ፤ ለ1 ደቂቃ እንዳልነው እንተንፍስ። ስልክ ከተነካ 5ቱ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ረዘም ያለው ዕረፍት እሱ ይሁን።

ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ ግን ይህ ብቻ አይበቃውምና ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።