የይለፍ ቃሉ ሳይሰረቅ የተሰረቀው ቻናል

መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም ከ15 ሚሊዮን በላይ ተከታዮች ያሉት «ሊነስ ቴክ ቲፕስ» የተባለ የካናዳ የዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶቹ በተኙበት ሌሊት ተጠለፈ። በቻናሉ ላይ የኢሎን መስክ ምስል ያለበት የክሪፕቶ ገንዘብ ማጭበርበሪያ በቀጥታ መተላለፍ ጀመረ፤ ለዓመታት የተሠሩ ቪዲዮዎችም ተሰረዙ። ቻናሉ ስለ ኮምፒውተር የሚያስተምር ሲሆን ባለቤቶቹም የሙያው ሰዎች ናቸው። ሆኖም ሌባው የይለፍ ቃላቸውን መገመት አላስፈለገውም፤ የማረጋገጫ ኮድም አልተጠየቀም።

የቻናሉ መሥራች ሊነስ ሰባስቲያን ከጥቃቱ በኋላ ባሰራጨው ቪዲዮ እንዳብራራው፣ የነገሩ መነሻ አንድ ኢሜይል ነበር። ማስታወቂያ ለማሠራት ከሚፈልግ ድርጅት የተላከ የሚመስል የውል ሐሳብ ለአንድ ሠራተኛ ደረሰው። ሠራተኛው የተያያዘውን ፋይል ተራ ሰነድ መስሎት ከፈተው፤ የጠበቀው ነገር ሳይመጣ ሲቀርም ወደ ሌላ ሥራው ተመለሰ። የተከፈተው ግን ሰነድ ሳይሆን በኢንተርኔት ማሰሻው ውስጥ የተቀመጠውን መረጃ ጠራርጎ ለሌባው የሚልክ ፕሮግራም ነበር።

ሰው የጎግል አካውንቱን በኮምፒውተር ሲከፍት የይለፍ ቃልና ኮድ የሚጠየቀው መግቢያው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ማሰሻው ውስጥ «ይህ ሰው ተረጋግጧል» የሚል ምልክት ይቀመጥለታል፤ ይህ ምልክት ኩኪ ይባላል። ነገሩ በመሥሪያ ቤት በር ላይ መታወቂያውን አስይዞ የእንግዳ ባጅ እንደሚቀበል ሰው ነው፤ ባጁን ያንጠለጠለ ሰው በየክፍሉ መታወቂያ አይጠየቅም። ኩኪውን የሰረቀም እንዲሁ በሌላ ሰው ባጅ ይገባል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በሩን ይጠብቃል እንጂ አንድ ጊዜ የተሰጠን ባጅ መልሶ አይመረምርም።

የጎግል የደኅንነት ተመራማሪዎች በጥቅምት 2014 ዓ.ም ባወጡት ሪፖርት የዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶችን ያነጣጠረ ተመሳሳይ ዘመቻ በዝርዝር ገልጸዋል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚጠቀሙ ሰዎች መብዛታቸው ሌቦችን ወደ ኩኪ ስርቆት መልሷቸው ሊሆን እንደሚችልም ጠቁመዋል። ከጥቅምት 22 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ፣ ዩቲዩብ ከቻናላቸው ገቢ የሚያገኙ ሰዎች ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን የግድ እንዲያበሩ ደንግጓል።

እንዲህ ያለው ኢሜይል ወደ ትንሽ ቻናል ሲመጣ ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። ስለ ንብ ማነብ የሚያስተምር አንድ ቻናል ለአብነት ይታሰብ። የመጀመሪያው መልእክት ፋይል የለውም፤ ቻናሉን ያሞግሳል፣ ለ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ጥሩ ክፍያ ያቀርባል። ባለቤቱ «እሺ» ብሎ ሲመልስ ሁለተኛው ይመጣል፤ ውሉን ከአንድ ማስፈንጠሪያ አውርዶ እንዲያነብና በዚያው ቀን እንዲመልስ ያሳስባል። የወረደው ፋይል `Contract.zip` ይባላል፤ የሚከፈትበት የይለፍ ቃልም በኢሜይሉ ላይ ተጽፏል። ጥርጣሬ መጀመር ያለበት እዚህ ላይ ነው። የተቆለፈን ፋይል የኢሜይል አገልግሎቱ የቫይረስ መርማሪ ከፍቶ ማየት ስለማይችል፣ ቁልፉ ምስጢር ለመጠበቅ ሳይሆን ፍተሻን ለማምለጥ የተደረገ ነው።

በውስጡ ያለው ፋይል `Contract.pdf` ይመስላል፤ ሙሉ ስሙ ግን `Contract.pdf.exe` ወይም `Contract.pdf.scr` ነው። ዊንዶውስ ካልታዘዘ በቀር የስሙን የመጨረሻ ክፍል ይደብቃል። በፋይል ማሳያው ላይ «View» ውስጥ «File name extensions» የሚለውን ማብራት ይህን ሽፋን ይገልጠዋል። በ`.exe` ወይም በ`.scr` የሚያልቅ ነገር ፕሮግራም ነው፤ ውል ደግሞ ፕሮግራም ሆኖ አያውቅም። እውነተኛ ፒዲኤፍ በጂሜይል ውስጥ ሳይወርድ ሊነበብ ስለሚችል ላኪውን በዚያ መልክ እንዲልክ፣ ወይም የውሉን ቃል በኢሜይሉ ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ ይቻላል። የእውነት ደንበኛ ይህን ለመፈጸም አይቸገርም። የላኪውን አድራሻ ከ`@` በኋላ ያለውን ክፍል ማየትም ይገባል፤ ከዩቲዩብ የሚላኩ ኢሜይሎች በ`@youtube.com` ወይም በ`@google.com` የሚያልቁ ናቸው።

ኩኪ የሚሰረቀው በፕሮግራም ብቻ አይደለም። ኮምፒውተር የሌላቸው ብዙ የቻናል ባለቤቶች ቪዲዮ የሚጭኑት በኢንተርኔት ካፌ ወይም በቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤት ነው። አካውንቱን ሳይዘጉ መሄድ ባጁን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ እንደመውጣት ነው። ለአቀናባሪው የይለፍ ቃል መስጠትም አያስፈልግም፤ በዩቲዩብ ስቱዲዮ «Settings» ውስጥ «Permissions» በሚለው በኩል በራሱ ኢሜይል የተወሰነ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ሥራው ሲያበቃም ፈቃዱ ይነሳል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን በሩም መቆለፍ አለበት። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚበራው በ`myaccount.google.com` ላይ «Security» ውስጥ «2-Step Verification» በሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚመርጠው በስልክ መልእክት የሚመጣውን ኮድ ነው፤ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ኔትወርክ በሌለበት አይደርስም፣ ሲም ካርዱ ከጠፋም አብሮ ይጠፋል። «Google Authenticator» የተባለው መተግበሪያ ኮዱን ስልኩ ላይ ራሱ ስለሚያወጣ ኔትወርክ አይፈልግም። ሁለቱም ግን አንድ ድካም አላቸው፤ የጎግልን የሚመስል የሐሰት ገጽ ላይ ኮዱን የሚጽፍ ሰው ለሌባው አሳልፎ ይሰጠዋል። በጣት አሻራ ወይም በስልኩ መክፈቻ የሚሠራው «Passkey» በሐሰት ገጽ ላይ ስለማይሠራ ከሦስቱ የተሻለው እርሱ ነው።

ስልክ ሲጠፋ ባለቤቱ ራሱ ከውጭ እንዳይቀር ጎግል «Backup codes» የሚላቸውን 10 ኮዶች ይሰጣል። እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላሉ። የሚቀመጡበት ቦታ ወረቀት ላይ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ከስልኩ ጋር አብሮ ማጣት ነው። የመልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይልም ዛሬ የሚሠሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያሻል። ቻናሉ ሲከፈት የተሞላው ቁጥር ከዓመታት በፊት የተተወ ሲም ሊሆን ይችላል፤ የመልሶ ማግኛው ኢሜይል የይለፍ ቃልም ከተረሳ መኖሩ አይጠቅምም።

ቻናሉ ስሙ ወይም ምስሉ ተቀይሮ፣ ወይም ያልተጫነ ቀጥታ ስርጭት እየታየበት ከተገኘ የመጀመሪያው እርምጃ በተጠረጠረው ኮምፒውተር ላይ መሆን የለበትም፤ እዚያ የሚጻፈውን አዲስ የይለፍ ቃል ሌባው ሊያየው ይችላልና። በሌላ ንጹሕ ስልክ «Your devices» በሚለው በኩል የማይታወቁትን መሣሪያዎች ማስወጣትና ወዲያው የይለፍ ቃሉን መቀየር የተሰረቀውን ባጅ ዋጋ ያሳጣዋል። የተበከለው ኮምፒውተር ሳይጸዳ አካውንቱን እንደገና መክፈት ግን አዲስ ባጅ ለሌባው ማቀበል ይሆናል። ቀጥሎ በ«Permissions» የገባ እንግዳ ስም፣ በመልሶ ማግኛው ላይም የተለወጠ ቁጥር መኖር አለመኖሩ ይታያል።

ሌባው ቀድሞ የይለፍ ቃሉን ከቀየረ መንገዱ `g.co/recover` ነው። የመልሶ ማግኛ ስልኩ ወይም ኢሜይሉ ቢለወጥም ጎግል በቀድሞው ላይ ኮድ ለመላክ የሚፈቅደው እስከ 7 ቀን ድረስ ነው፤ ስለዚህ ቀናቱ ሳያልፉ መሞከር ያስፈልጋል። ሙከራው ባለቤቱ ዘወትር ከሚጠቀምበት ስልክና ከተለመደው ቦታው ቢሆን ይመረጣል፤ ጎግል ባለቤትነትን ሲመረምር ይህንንም ያያል። ቻናሉን የማስመለሱ ጥያቄ ለዩቲዩብ የሚቀርበው አካውንቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። የካናዳው ቻናልም በዩቲዩብ እገዛ የተሰረዙ ቪዲዮዎቹን መልሶ አግኝቷል።