ባንኩ «አይስጡ» ሲል፣ ዳቦ ቆሎ ሻጯ «በሞቴ» ስትል

ፌስቡክ ወይም ኢንስታግራም ላይ በጣት ወደ ጎን እየገፋን የምናያቸው ተከታታይ ምስሎች ካሩሴል ይባላሉ። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ለተጠቃሚው ሁሉ ሲፈቅደው በአንድ ፖስት እስከ 10 ምስል ይይዝ ነበር፤ በ2024 ቁጥሩን ወደ 20 አሳደገው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቆቹ ባንኮችም፣ ቤቷ ዳቦ ቆሎ አዘጋጅታ በስልክ ትዕዛዝ የምትቀበለው ሴትም ይጠቀሙበታል። መሣሪያው አንድ ስለሆነ አነጋገሩም አንድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ባንኩ ገንዘብ ስለጠፋበት ሰው እያወራ ይቀልዳል፤ ዳቦ ቆሎ ሻጯ ደግሞ «ክቡራን ደንበኞቻችን፣ አዲስ ምርት ማቅረባችንን በደስታ እንገልጻለን» ብላ ትጽፋለች። ሁለቱም አይነበቡም።

ከባንኩ ልጀምር፤ እዚያ ስሕተቱ ሰው ይጎዳልና። ባንኩ ስለ ስልክ አጭበርባሪዎች ካሩሴል ያዘጋጃል እንበል። አጭበርባሪው «ከባንኩ ነው የምደውለው» ይልና በአጭር መልእክት የመጣውን ቁጥር ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የምናየው የመጀመሪያ ምስል በቀይ ቀለም «ተጠንቀቁ!!! ገንዘብዎ አደጋ ላይ ነው!» የሚል ነው። ግን አጭበርባሪው ራሱ የሚሠራው በድንጋጤ ነው። «ቶሎ ካልነገሩኝ ሒሳብዎ ይዘጋል» እያለ ሰውን ያጣድፋል፤ የተጣደፈ ሰው ደግሞ አያመዛዝንም። ባንኩም በዚያው ድምፅ ከጮኸ ደንበኛው ሁለቱን የሚለይበት ነገር ያጣል። ስለዚህ የባንኩ አንደበት የአጭበርባሪው ተቃራኒ መሆን አለበት፤ ረጋ ያለ፣ አጭር፣ በአራት ነጥብ የሚያልቅ። እኔ ብጽፈው እንዲህ እጀምራለሁ፦

«ከባንኩ ነው ብሎ የደወለ ሰው በአጭር መልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ከጠየቀዎት፣ አይስጡ።»

ሁለተኛው ምስል፦ «የባንካችን ሠራተኛ የሚስጥር ቁጥርዎን በስልክ አይጠይቅም።» ሦስተኛው፦ «ስልኩን ይዝጉ። ከዚያ በካርድዎ ጀርባ ባለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉልን።» አራተኛው ቁጥሩን ቀድሞ ለሰጠ ሰው ነው፤ ብዙ ባንኮች የሚዘሉት ይህንኑ ነው። «ቁጥሩን ሰጥተው ከሆነ አሁኑኑ ይደውሉልን። ሒሳብዎን ወዲያው እናግዳለን።» እዚህ ላይ «ማስጠንቀቂያችንን ችላ ብለው ከሆነ» የሚል ወቀሳ ቢገባ፣ ያፈረ ሰው ለመደወል ያመነታል፤ እያመነታ ባለበት ደቂቃም ገንዘቡ ይወጣል። «ገንዘብዎ ይመለሳል» ተብሎም አይጻፍም፤ ባንኩ ማገድ ይችል ይሆናል እንጂ አስቀድሞ ማስመለሱን ሊያረጋግጥ አይችልም። የተጨነቀን ሰው የሚያረጋጋው ባንኩ በእርግጥ የሚፈጽመው አንድ ነገር ነው። የሚያባብል ቅጽል ብዛት ያንን አይተካም።

አከፋፈሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው የባንክ ማስጠንቀቂያ ሲያይ አንዱን ምስል ስክሪንሾት አንሥቶ ለእናቱ ወይም ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካል። ኢንስታግራምም ተጠቃሚው ሳይገፋ ያለፈውን ካሩሴል አንዳንዴ ከሁለተኛው ምስል ጀምሮ መልሶ ያሳያል። ስለዚህ እያንዳንዱ የባንክ ምስል ብቻውን ቢገኝ ሙሉና ትክክል መሆን አለበት። «ለሚደውልልዎ ሰው የሚስጥር ቁጥርዎን» ብሎ አንዱን ምስል ጨርሶ «አይስጡ» የሚለውን ወደሚቀጥለው ማሳለፍ ለጉጉት ያምራል፤ የመጀመሪያው ምስል ብቻውን ሲዞር ግን ትርጉሙ ይገለበጣል።

ሌላው ጉዳይ አክብሮቱ መሃል ላይ መውደቁ ነው። የመጀመሪያው ምስል «እርስዎ» ብሎ ይጀምራል፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ «ደውል»፣ «ተጫን» ይመጣል። ይህ ከስንፍና አይደለም። የአክብሮት ግሦች ከባለቤት አመልካቾቻቸው ጋር ይረዝማሉ፤ «እንዲያሳውቁን» የሚለው ቃል በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ መስመሩን ይሞላና ዲዛይነሩ ቦታ ፍለጋ ያሳጥረዋል። ማጠር ያለበት አሳቡ ነው እንጂ አክብሮቱ አይደለም። «በአስቸኳይ በመደወል እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚለው ሁሉ «ይደውሉልን» ቢባል ይበቃል፤ አክብሮቱ በ«ይ» ውስጥ አለ። ለማጣራት ከሁሉም ምስሎች ግሦቹን ብቻ እየነጠሉ በተርታ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል።

ዳቦ ቆሎ ሻጯ ዘንድ ብዙው ነገር ይገለበጣል። እዚህ ቁርጥራጩ መቆራረጡ ራሱ ጨዋታ ነው፤ እኛም ለዚህ የተዘጋጀ የቆየ መንገድ አለን፤ እንቆቅልሽ። ጠያቂዋ ትጠራለች፣ ሰሚው ይመልሳል፣ መልሱ ከጠፋ አገር ይሰጣል። ካሩሴሉ ይህንን ሁሉ ያለ ብዙ ድካም ይሸከማል፦

የመጀመሪያው ምስል፦ «እንቆቅልሽ!»
ሁለተኛው፦ «(ምን አውቅልሽ በሉኝ እንጂ!) ዝም ብትሏት ዝም፣ ብትነክሷት ጩኸት።»
ሦስተኛው፦ «አላወቃችሁም? አገር ስጡኝ!»
አራተኛው፦ «አዲስ አበባን ሰጣችሁኝ? ገባሁባት! ዳቦ ቆሎ ናት። በሞቴ፣ አንድ ጭብጥ!»

ሦስተኛው ምስል ላይ ሰዉ ከታች ባለው አስተያየት መስጫ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ የሚኖርበት ከተማ ዋሽንግተን ከሆነም ዋሽንግተንን ይጽፍላታል። ሻጯም ለእያንዳንዱ «ጎንደር ገብቼ…» እያለች ትመልሳለች። ጨዋታው ከምስሉ ወጥቶ በገዢና በሻጭ መካከል ይቀጥላል። «በሞቴ» የሚለውም ከማንም የማስታወቂያ ቃል ይበልጥ ይሠራል፤ ማዕድ ላይ እንግዳን የምናግደረድርበት ቃል ነውና።

እሷም የራሷ ጥያቄ አለባት፤ «አንተ» ወይስ «አንቺ»? «ቅመስ» ካለች ሴቶቹን ትተዋለች። «ቅመስ/ሽ» ብላ ብትጽፍ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ይመስልባታል። «እርስዎ» ደግሞ ጨዋታውን ይገድለዋል። የሚያዋጣት «ቅመሱ» እና «እንቅመስ» ነው፤ ሁሉንም ያካትታል፣ ቤተኛነቱም አይጠፋም።

ጨዋታው የሚቆምበት ቦታም አለ። ዳቦ ቆሎው በዘይት ተጠበሰ ወይስ ሊጡ ቅቤ ገብቶበታል? ለጾመኛ ገዢ ይህ ቀልድ አይደለም። ለውዝ ያለበት ከሆነም አለርጂ ላለበት ሰው በግልጽ መነገር አለበት። ስለዚህ የመጨረሻው ምስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለ ማስዋቢያ እንዲህ ይላል፦ «በዘይት የተጠበሰ፣ ቅቤ የሌለው፣ የጾም። ለውዝ የለውም። 250 ግራም።» ቀጥሎ ዋጋና ስልክ። ባንኩም በበኩሉ እንቁጣጣሽ ሲደርስ «እንኳን አደረሰዎ» ብሎ አደይ አበባ ቢያስቀምጥ ክብሩ አይቀንስም፤ ሙቀቱ ስለ ገንዘቡ ከሚነገረው ጋር ካልተቀላቀለ ቦታ አለው።

ሁለቱን አንደበቶች ለመፈተን አርማውን በእጅ መሸፈንና ጽሑፉን ብቻ ማየት ይበቃል። ባንክ ይሁን መክሰስ ሻጭ ካልታወቀ፣ ወይም የአንዱን ባንክ ካሩሴል ሌላው ባንክ ሳይቀይር ሊለጥፈው ከቻለ፣ ጽሑፉ ገና አልተጻፈም።

ከሁሉ የሚከብደው ዋጋ ሲጨምር ነው። የለመደችው ጨዋታ ይስባትና «እንቆቅልሽ፦ ከሰኞ ጀምሮ ከፍ የምትል ማን ናት?» ልትል ትችላለች። ገዢው ግን በኪሱ የተቀለደበት ይመስለዋል። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «የዘይት ዋጋ ስለጨመረ ከሰኞ ጀምሮ ዋጋችን ይጨምራል። አዲሱ ዋጋ ቀጥሎ አለ። እስከ እሑድ ማታ ያዘዛችሁ በድሮው ዋጋ ትወስዳላችሁ።» «እናንተ» የሚለው እንዳለ ነው፤ እንቆቅልሹ ብቻ ለዚያ ቀን ይቀራል።