«ለስላሳ ምግብ» የሚል ትእዛዝ ለምን አይበቃም?

ከስትሮክ በኋላ መዋጥ ላስቸገረው ሕመምተኛ «ለስላሳ ምግብ» ብሎ ብቻ በካርዱ ላይ መጻፍ አደገኛ ነው፤ አንዱ አስታማሚ አጥሚት፣ ሌላው ፍትፍት ሊያቀርብለት ይችላልና። ኢድሲ የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ መጠጥን ከ0 እስከ 4፣ ምግብን ከ3 እስከ 7 በደረጃ ይከፍላል። ውሃ ሲጠጣ የሚያስለው፣ በግምገማው ግን ደረጃ 2 መጠጥንና ደረጃ 4 ምግብን፣ ማለትም ማኘክ የማይፈልግና ጓል የሌለበትን ልም ምግብ፣ በደህና የዋጠ ሕመምተኛ ቢኖር፣ ሁለቱም ቁጥሮች ከግምገማው ቀን፣ ከአመጋገብ አቀማመጡና ዳግም ከሚታይበት ቀን ጋር ይመዘገባሉ። አጥሚቱ በሚቀርብበት ሙቀት በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ተፈትሾ፣ ከ10 ሴኮንድ ፍሰት በኋላ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ከቀረ ደረጃ 2 ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን ስለሚወፍር ውጤቱ ይለወጣል። ወፍራም መጠጥ የሚታዘዝላቸው ብዙዎች ትንሽ ስለሚጠጡ፣ የታዘዘው ብቻ ሳይሆን በእርግጥ የተጠጣው መጠንም በየቀኑ ሊጻፍ ይገባል።