ካርቦን 14 የብራናን ዕድሜ እንዴት ይናገራል?

አንድ የካርቦን 14 አተም መቼ እንደሚፈርስ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ዛሬ ሊፈርስ፣ አሥር ሺህ ዓመትም ሊቆይ ይችላል። እልፍ አእላፍ አተሞች አንድ ላይ ሲታዩ ግን የአፈራረሳቸው ፍጥነት ቁርጥ ያለ ነው፦ በ5,730 ዓመት ውስጥ ግማሾቹ ወደ ናይትሮጂን ይለወጣሉ። ይህ ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። በሚቀጥለው 5,730 ዓመት የቀረው በሙሉ አያልቅም፤ እሱም በተራው ይገመስና ሩብ ይሆናል፤ ቀጥሎ ስምንተኛ። ሙቀትም ሆነ እርጥበት ይህን ፍጥነት አይለውጠውም።

ያው ፍጥነት በዓመት ሲሰላ የመፈራረስ ቋሚ ይባላል። 0.693ን (የ2ን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም) ለ5,730 ማካፈል 0.000121 ይሰጣል፤ በየዓመቱ ከ8,270 አተሞች አንድ ያህሉ ይፈርሳል ማለት ነው።

ካርቦን 14 በላይኛው አየር ውስጥ ከኅዋ በሚመጣ ጨረር ይፈጠራል፤ በዕፅዋት በኩል ወደ እንስሳት ይገባል። ፍየል እስካለች ድረስ ከሰውነቷ የሚፈርሰውን በምግቧ ትተካለች። ስትታረድ መተካቱ ይቆማል፤ ከቆዳዋ በተሠራው ብራና ላይ ቆጠራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በዚህ መንገድ ተመርምረዋል። ብዙ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1100 ገደማ እንደተጻፉ ይገምቱ ነበር። ግምቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ በብራናው ውስጥ ከመጀመሪያው ካርቦን 14 ወደ 90 ከመቶ ይቀር ነበር። የኦክስፎርድ ምርመራ ግን ብራናውን በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዘመን መካከል አስቀመጠው።

ስሌቱን ለማየት 83 ከመቶ የቀረው ብራና ይወሰድ። ቀመሩ እንዲህ ነው፦

t = ln(N₀/N) / λ

N₀ የመጀመሪያው መጠን፣ N የቀረው፣ λ የመፈራረስ ቋሚው ነው። 1 ለ0.83 ሲካፈል 1.205 ይሆናል፤ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙ 0.186 ነው። ይህ ለ0.000121 ሲካፈል 1,540 ዓመት ገደማ ይወጣል። ልኬቱ ተሳስቶ 82 ቢል ኖሮ ዕድሜው በ100 ዓመት ያህል ይጨምር ነበር፤ ውጤቱ በአንድ ቁጥር ሳይሆን በዘመናት ክልል የሚነገረው ለዚህ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 መጠንም ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጥ፣ ዕድሜያቸው በሚታወቅ የዛፍ ቀለበቶች ይታረማል። ደግሞም የሚታወቀው ፍየሏ የሞተችበት ጊዜ ነው፤ ጽሑፉ በብራናው ላይ የሰፈረው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

ናሙናው ሲያረጅ ስሕተቱ ይከፋል። ካርቦን 14 ጨርሶ ያለቀበት አጥንት 1 ከመቶ የዛሬ ካርቦን ቢነካካው፣ ስሌቱ 38,000 ዓመት ነው ብሎ ያታልላል። ከ50,000 ዓመት ወዲያ የሚቀረው ኢምንት ስለሆነ ዘዴው አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህ የታወቀው ከአጥንቷ ሳይሆን በአካባቢው ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም 40 ሲፈርስ የተጠራቀመው አርጎን ተለክቶ። የፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው።