የቅዳሜው ክፍል ሊንክ ሲቀየር

ሐሙስ ማታ በቴሌግራም ቡድናችን ላይ የጻፍኩት ማስታወቂያ ሁለት መስመር ነበር። «ውድ ቤተሰቦች፣ ትምህርታችን ከዙም ወደ ጉግል ሚት ተዛውሯል። ቅዳሜ በ11 ሰዓት በዚህ ሊንክ እንገናኝ።» ከሥሩ ሊንኩን ለጠፍኩ። የአውራ ጣትና የልብ ምልክት ወዲያው ተደረደረ። ሁሉም የገባው መስሎኝ ተኛሁ።

ክፍሉ ከአዲስ አበባ ሆኜ ለ12 ልጆች አማርኛ ማንበብና መጻፍ የማስተምርበት ነው። ስድስቱ በዋሽንግተን አካባቢ፣ አራቱ በፍራንክፈርት፣ ሁለቱ በዱባይ ይኖራሉ። ከዙም የወጣነው ገንዘብ ሳይከፈል ሲጠቀሙበት ስብሰባው በ40 ደቂቃ ስለሚዘጋ ነው። የእኛ ትምህርት 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ ልጆቹ ተራ በተራ ማንበብ የሚጀምሩት ደግሞ መጨረሻው ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚቆረጥባቸው ንባቡ ነበር። በነፃው ጉግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ያለበት ስብሰባ እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። በዚያው አጋጣሚ የመጀመሪያዋን ሰዓት ከ12 ወደ 11 አመጣኋት፤ ልጆቹ በዱባይ በጊዜ እንዲተኙ ብዬ።

ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን 2018 በሰዓቱ የተገኙት አራት ልጆች ብቻ ነበሩ።

የቀሩት ስምንቱ የት እንደነበሩ በማግሥቱ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አንዲት የዋሽንግተን እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ የገባችው እኛ ከጨረስን በኋላ ነው። «መምህር፣ 11 ሰዓት ብለዋል እኮ፤ እኛ ደግሞ ሁልጊዜ 11 ላይ ነው የምንገባው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የአዲስ አበባው ምሽት 12 ሰዓት እሷ ዘንድ ረፋድ 11 ሰዓት ነበር። እኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 11 ብዬ ስጽፍ፣ የእሷ ዓይን ያየው የለመደውን የፈረንጅ 11 ነው። ሰዓት መቀየሩን እንኳ አልጠረጠረችም።

የፍራንክፈርቶቹ ነገር ከዚህ የረቀቀ ነው። አራቱም ቤተሰቦች ስሌቱን በትክክል ሠርተው፣ ከበፊቱ አንድ ሰዓት ቀድመው በእነሱ አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ ገቡ። ግን አውሮፓ በየዓመቱ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደኋላ ትመልሳለች። ያ እሑድ ያለፈው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ስለነበር ትክክለኛው የመግቢያ ሰዓት 3 ሆኗል። አሜሪካ ደግሞ ይህንኑ የምታደርገው በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ ማለትም ከትምህርታችን በማግሥቱ ነበር። የኢትዮጵያና የዱባይ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም። ስለዚህ እኛ ምንም ሳንነካ የፍራንክፈርት ሰዓት በአንዱ ሳምንት፣ የዋሽንግተን ሰዓት በሚቀጥለው ተለወጠ። በውጭ አገር ያሉ ተማሪዎችን የሚያስተምር ሰው በዚያ ሰሞንና በማርች ወር ሊንክም ሆነ ሰዓት ባይቀይር ይሻላል ብዬ የማምነው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

እስካሁን ስድስት ልጆች ሆኑ። የቀሩት ሁለቱ በትክክለኛው ሰዓት መጥተዋል፤ የመጡት ግን ወደ አሮጌው ክፍል ነው። ወላጆቻቸው በቴሌግራም ውስጥ «ዙም» ብለው ፈልገው ያገኙትን የቆየ ሊንክ ተጫኑ። ሊንኩ ስላልጠፋ ተከፈተላቸው፤ አስተናጋጁ ስብሰባውን እስኪጀምር ጠብቁ የሚል ጽሑፍም ወጣላቸው። ልጆቹ ያንን ገጽ እያዩ 40 ደቂቃ ተቀመጡ። ሊንኩ ጨርሶ የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ደውለው ይጠይቁኝ ነበር። ስለሚከፈት ግን የዘገየው መምህሩ መሰላቸው። አንደኛዋ የ8 ዓመት ልጅ ደብተሯን ከፍታ፣ እርሳሷን ቀርጻ እንደጠበቀችኝ እናቷ ስትነግረኝ በጣም አዘንኩ።

በሳምንቱ ማስታወቂያውን እንደገና ጻፍኩት። ከመጻፌ በፊት ግን ሦስት ነገር አደረግኩ። የዙም ሊንክ ያለባቸውን አሮጌ መልእክቶች በሙሉ ከቡድኑ አጠፋሁ። የዙሙን ስብሰባ ርዕስ «ክፍሉ ወደ ጉግል ሚት ተዛውሯል፤ ቴሌግራም ተመልከቱ» ብዬ ቀየርኩ፤ ለሁለት ሳምንትም በሁለተኛ ስልክ ከፍቼ አስቀመጥኩት፣ ተሳስቶ የሚመጣ ቢኖር እንድመልሰው። አዲሱን ሊንክም በራሴ ሳይሆን በእህቴ ስልክ ሞከርኩ። ክፍሉን የፈጠረው ሰው በራሱ አካውንት ሲገባ ምንጊዜም ይከፈትለታል። በእህቴ ስልክ ሲሞከር ግን Ask to join የሚል ቁልፍ መጣ፤ እሱን ተጭና እኔ እስክፈቅድላት መጠበቅ ነበረባት። ይህን ወላጆች ቀድመው ካላወቁ ሊንኩ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

አዲሱ ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፤ ሊንኩን ለአብነት ያህል በሌላ ፊደላት ተክቼዋለሁ።

«ውድ ቤተሰቦች፣ የቅዳሜ ጥቅምት 29 (ኖቬምበር 8) ትምህርት በጉግል ሚት ነው። በዙም አትግቡ። ሊንኩ meet.google.com/abc-defg-hij ነው። ስትገቡ Ask to join የሚለውን ተጭናችሁ ጠብቁ፤ አስገባችኋለሁ። የሚጀመረው በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 9 ሰዓት፣ በፍራንክፈርት ከቀኑ 3 ሰዓት፣ በዱባይ ከምሽቱ 6 ሰዓት ነው። ኔትወርክ ከተቋረጠ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ካልተመለስኩ ሁላችሁም ወደዚህ ቡድን የድምፅ ውይይት ግቡ። ያነበባችሁ የልጃችሁን ስምና የምትገቡበትን ሰዓት ጻፉልኝ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የአውራ ጣት ምልክት መልእክቱ መታየቱን እንጂ መግባቱን አይነግርም። «10 ሰዓት ላይ እንገባለን» ብሎ የጻፈ አንድ የዋሽንግተን አባት ነበር፤ ሐሙስ ዕለት አረምነው።

የመጠባበቂያው ጉዳይ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። ቴሌግራምም በኢንተርኔት ነው የሚሠራው፤ የእኔ መስመር ጨርሶ ከጠፋ እሱም አያድነኝም። የሚያድነው ኔትወርኩ ሲደክም ነው፤ ድምፅ ብቻ ለአንድ ሰዓት 40 ሜጋባይት ገደማ ሲበቃው ቪዲዮ ግን ብዙ መቶ ሜጋባይት ይበላል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ መስመሩ የተቋረጠበት ሰው እኔ ከሆንኩ ለሌሎቹ መናገር አለመቻሌ ነው። ስለዚህ አንዲት የፍራንክፈርት እናት ምክትል ሆነችልኝ። እኔ ዳታ ሳያስፈልገኝ በተራ የጽሑፍ መልእክት እነግራታለሁ፤ እሷ ለሁሉም ታሳውቃለች። ወላጆችም ችግሩ የማን እንደሆነ የሚለዩበት መንገድ አላቸው፦ የሁሉም ሰው ምስል ከደረቀ ችግሩ እነሱ ቤት ነው፤ የመምህሩ ብቻ ከደረቀ እኔ ዘንድ ነው። በመጀመሪያው ወጥተው ይመለሳሉ፣ በሁለተኛው ባሉበት ይጠብቃሉ።

ጥቅምት 29 ቀን 11 ልጆች በሰዓቱ ገቡ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሰፈራችን መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። የስልኬ ዳታ ቪዲዮውን መሸከም ስላቃተው ለምክትሏ «ወደ ድምፅ» ብዬ ላክሁላት። ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስገባ ልጆቹ ቀድመውኝ ተገኝተዋል፤ ያቺ እርሳሷን ቀርጻ የጠበቀችኝ ልጅ የተራዋን አንቀጽ ማንበብ ጀምራ ነበር።