በኢንዶስኮፒ ውጤትዎ ላይ የተጻፈው «ቁስለት» ነው ወይስ «መቆጣት»?

ብዙ ሰው ሁለቱንም «ጨጓራ አለብኝ» ይላል፤ በኢንዶስኮፒ ምስል ላይ ግን ይለያያሉ። የተቆጣ ጨጓራ ቀልቶና አብጦ ይታያል፤ ሽፋኑ ቢላላጥ እንኳ ጥልቅ ጉድጓድ የለውም። ቁስለት ግን ጥልቀት አለው፤ ስፋቱም ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር ይበልጣል።

በጨጓራና አንጀት ሕክምና የሚሠለጥኑ ሐኪሞች ቁስለት ሲያዩ ቦታውን፣ ስፋቱን፣ ጠርዙንና ወለሉን እንዲገልጹ ይማራሉ። ለምሳሌ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ለመጣ ታካሚ «ጨጓራ ውስጥ፣ 1 ሴንቲሜትር፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ወለሉ ነጭና ንጹሕ» ተብሎ ተጻፈ እንበል። ንጹሕ ወለል ማለት እንደገና የመድማት ዕድሉ አነስተኛ ነው ማለት ነው። ወለሉ ላይ የደም ሥር ቢታይ አደጋው ከፍ ይል ነበር። ጠርዙ ያበጠና ወጣ ገባ ቢሆን ደግሞ ካንሰር ያጠራጥር ነበር።

ሆኖም ለስላሳ ጠርዝ ብቻውን ካንሰር አለመኖሩን አያረጋግጥም። ስለዚህ ከጨጓራ ቁስለት ናሙና ይወሰዳል፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜም መዳኑን ለማየት ኢንዶስኮፒው ብዙ ጊዜ ይደገማል። አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት የካንሰርን ሕመምም ሊያስታግስ ስለሚችል፣ ሕመሙ ቢጠፋም ከቀጠሮዎ አይቅሩ፤ የመጀመሪያውን ውጤትም ይዘው ይሂዱ።

ሰገራዎ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።